ከ«ዌር» በኋላ «ኢዝ» የት ይቀመጥ?

«ፒያሳ ወርቅ ቤት ነው የምሠራው። ቱሪስት ሳናግር ‹ዱ ዩ ኖው ዌር ኢዝ ዩር ሆቴል?› እላለሁ። ባልደረባዬ ስህተት ነው ትላለች። እውነቷን ነው?»

እውነቷን ነው። «ዱ ዩ ኖው ዌር ዩር ሆቴል ኢዝ?» ነው የሚባለው። ጥያቄነቱን መጀመሪያ ላይ ያለው «ዱ ዩ ኖው» ጨርሶታል። ከ«ዌር» በኋላ ያለው እንደ ተራ ዓረፍተ ነገር ይሄዳል፤ ባለቤቱ ይቀድማል፣ ግሱ ይከተላል። እኛን የሚያሳስተን አማርኛ እዚህ ላይ ቅደም ተከተል ስለማይቀይር ይመስለኛል። «ሆቴልህ የት ነው?» እና «ሆቴልህ የት እንደሆነ ታውቃለህ?» ሲባል የሚለወጠው ግሱ ብቻ ነው።

«ኢዝ» ግን ቀላሉ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው «ዲድ» እና «ደዝ» ላይ ነው። ደንበኛ ቀለበት ሊያስጠግን መጣ እንበል። በቀጥታ «ዌር ዲድ ዩ ባይ ኢት?» ትለዋለህ። በትህትና ሲሆን «ካን ዩ ቴል ሚ ዌር ዩ ቦት ኢት?» ይሆናል። «ዲድ» ሲወጣ ያለፈው ጊዜ ወደ ግሱ ይመለሳል፣ «ባይ» «ቦት» ይሆናል። «ዌር ዩ ባይ ኢት» ብለህ ከተውከው ትርጉሙ ዘወትር የት እንደሚገዛ መጠየቅ ነው። «ደዝ» ሲወጣም እንዲሁ፤ «ዌር ሺ ወርክስ» ትላለህ፣ «ስ»ዋን አትርሳ።

«ሁ» ራሱ ባለቤት ሲሆን ግን የሚዞር ነገር የለም፤ «ሁ ሜድ ዚስ?» በ«ዱ ዩ ኖው» ውስጥም እንዳለ ይገባል።

በነገራችን ላይ፣ አንዳንድ የአየርላንድ ተናጋሪዎች አንተ እንዳልከው ሲያዞሩ ትሰማለህ። ፈተና ላይ ግን አይሠራም።