አዳሩ እኩል ነው፣ ቅዳሜው ግን አይደለም

«ሜዲካልና ሰርጂካል ዋርድን አስተባብራለሁ። እያንዳንዱ 14 ነርስ አለው፤ በየአዳሩ 2 ነርስ ይፈልጋል። የ28 ቀን ፕሮግራም በኤክሴል አወጣለሁ። ሁሉም 4 አዳር ይደርሰዋል፤ ግን ‹ለእኔ በዛ› የሚል አይጠፋም። አዳር ሲጎድል ደግሞ የማየው ዕለቱ ሲደርስ ነው። ምን ላድርግ?»

የአዳሩ ቁጥር ልክ ነው። የሚያስቀይመው ተራው ነው። ነርሶቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው ሁለት ሁለት ተከታታይ አዳር እየሰጡ ከሆነ፣ 7ቱ ጥንዶች በ14 ቀን ዞረው ያልቃሉ። 14 ቀን ደግሞ ልክ ሁለት ሳምንት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ የደረሰው ሰው ምንጊዜም ቅዳሜ ይደርሰዋል። እኔም አንዲት ነርስ «ቅዳሜን ቤቴ ካደርኩ ስንት ጊዜዬ!» እስክትለኝ ድረስ አላየሁትም ነበር።

ፕሮግራሙ ሰኞ ይጀምር እንበል። 7ኛው ጥንድ ቅዳሜና እሁድን ያድራል፤ በ28 ቀን 4 የሳምንት መጨረሻ አዳር ማለት ነው። 3ኛውና 4ኛው ሁለት ሁለት ይደርሳቸዋል። 1ኛው፣ 2ኛው፣ 5ኛውና 6ኛው ምንም የላቸውም።

መፍትሔው በሁለተኛው ዙር ቦታ ማቀያየር ነው፦ 7ኛውን ከ5ኛው፣ 3ኛውን ከ2ኛው፣ 4ኛውን ከ6ኛው። ያኔ ከ2 በላይ የሚደርሰው አይኖርም። ነጻ የሚወጣው 1ኛው ጥንድ ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ፕሮግራም እሱን ቅዳሜ ላይ ያስቀድሙት። 7ኛውን ከ2ኛው ጋር ግን አይለዋውጡ። 14ኛውን ቀን አድሮ 17ኛው ላይ እንደገና አዳር ይገባል።

ሌላው ጣጣ እረፍት ነው። ከአዳር የሚወጡበት ቀን እረፍት አይደለም፤ ሰውየው ተኝቶ ነው የሚውለው። «ወ» (መውጫ) ብለው ይጻፉት፤ «እ» (እረፍት) ከዚያ ቀጥሎ ይምጣ። አዳሩን «አ» ይበሉት፤ ማለትም አ፣ አ፣ ወ፣ እ። አዳሩን መጀመሪያ ይሙሉ፣ ጠዋትና ከሰዓቱ በቀረው ቦታ ይገባል። በ27ኛውና በ28ኛው ቀን ያደረ ሰው መውጫውና እረፍቱ አዲሱ ፕሮግራም ውስጥ ነው የሚወድቀው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይሄ ነው። አዲሱን ሲጀምሩ እነዚያን ሁለት ቀኖች ቀድመው ይሙሉ።

ጉድለቱን ኤክሴሉ ራሱ ይንገርዎት። ስም ኤ ላይ፣ ዋርድ ቢ ላይ፣ ቀኖቹ ከሲ ጀምሮ ይሁኑ። ከስሞቹ በታች ይህን ጽፈው እስከ 28ኛው ቀን ወደ ጎን ይጎትቱት፦

```
=IF(COUNTIFS($B$2:$B$29,"ሰርጂካል",C$2:C$29,"አ")<2,"ጎደለ","")
```

ለሜዲካልም እንዲሁ ለብቻው። ድምሩን ብቻ ካዩ 4 ሰው ይሞላልዎታል፤ አንዱ ዋርድ 3፣ ሌላው 1 ይዞ ሊሆን ይችላል። ለሌላ ዋርድ በውሰት የሄደን ሰው ለዚያ ቀን «አሜ» ወይም «አሰ» ብለው ይለዩት፤ ቆጠራው «አ»ን ብቻ ስለሚያይ የለቀቀው ዋርድ ጉድለቱ ይታያል። የተቀበለው ዋርድ ግን በእጅ ይደመርለት።

በየሰው መስመር ጫፍ ደግሞ ይህ ይግባ፦

```
=SUMPRODUCT((LEFT(C2:AC2,1)="አ")*(LEFT(D2:AD2,1)<>"አ")*(D2:AD2<>"ወ"))
```

ዜሮ ካልሆነ ያ ሰው ካደረ በኋላ መውጫ ሳያገኝ ሌላ ነገር ተጽፎበታል። ፕሮግራሙን ከመለጠፍዎ በፊት ይህችን ዓምድ ይዩ፤ ሰው ሲቀያየርም ድጋሚ። እርስ በርስ የሚደረግ ልውውጥ ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው።