ሰላምታው ላይ የሚያልቅ ቪዲዮ

«ጋሼ፣ የቤት ውስጥ ጥገና የሚያሳዩ የ45 ሰከንድ ቪዲዮዎች እሠራለሁ። ‹ሰላም፣ እንዴት ናችሁ ውድ ተመልካቾቼ› ብዬ ነው የምጀምረው። ሦስተኛው ሰከንድ ሳይሞላ ግማሹ ሰው ይሄዳል። ጓደኛዬ የሚሽከረከር ሎጎ መግቢያው ላይ ጨመረልኝ፣ ባሰበት። ካሜራ ልቀይር?»

ካሜራውን ተወው፤ ጥፋቱ እሱ ጋ አይመስለኝም። በደበዘዘ ምስል የሚሸሽ ሰው ገና መጀመሪያዋ ሰከንድ ላይ ነው የሚሸሸው። ያንተው ሦስት ሰከንድ ድረስ ጠብቆ፣ ምንም ሲያጣ ነው የሄደው። ስለዚህ የምጠረጥረው ንግግርህን ነው።

ከሁሉ በፊት ሎጎውን ቆርጠህ ጣል። እነዚህ በነጻ የሚወርዱ፣ እየተሽከረከሩ «ሽው» የሚሉ ዝግጁ መግቢያዎች ስንት ጥሩ ሥራ እንዳበላሹ ሳይ ያናድደኛል። በሰከንድ 30 ፍሬም ከቀረጽክ፣ የሁለት ሰከንድ ሎጎ ከመጀመሪያዎቹ 90 ፍሬሞችህ 60ውን በላ ማለት ነው። ከጥቁር ቀስ እያለ የሚበራ ጅማሬም ካለህ አውጣው። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ የሚያይ ሰው ጥቁር እስኪበራ አይጠብቅህም።

ሰላምታው ለምን እንደማይዝ ግን ላስረዳህ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብዘገይ አትቀየመኝ። ጆርጅ ሎወንስታይን የተባለ ተመራማሪ በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ጉጉት የሚነሣው በምናውቀውና ማወቅ በምንፈልገው መካከል ያለው ክፍተት ሲታየን ነው ብሏል። ጨርሶ ስለማናውቀው ነገር አንጓጓም። ሁሉን ስለምናውቀውም አንጓጓም። የሚያሳክከን ጥቂት ይዘን ጥቂት ሲጎድለን ነው። ሰላምታ ደግሞ በራሱ የተሟላ ነገር ነው፤ ሰውየው በልቡ «ደህና» ብሎ መልሶልህ ያልፋል፤ የቀረው ነገር የለም። «ዛሬ የሚገርም ነገር አሳያችኋለሁ» ማለትም አይረዳህም፣ ምክንያቱም ተመልካቹ እጁ ላይ የያዘው ነገር ስለሌለ የጎደለው ምን እንደሆነ አያውቅም። መጀመሪያ የሚታወቅ ነገር ስጠው፣ ከዚያ አንዱን ቁራጭ አስቀርበት።

የሚያንጠባጥብ ቧንቧ የምትጠግንበት ቪዲዮ አለህ እንበል። የመጀመሪያው ፍሬም ላይ ጠብታዋ ስትወድቅ በቅርብ ትታይ። ድምፅህ ወዲያው ይግባ፦ «ጎማውን ሁለቴ ቀየርኩት፤ አሁንም ያንጠባጥባል።» ይህ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ያልቃል። ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ጎማ እንደሚቀየር ብዙ ሰው ያውቃል፤ አንተ ያንን እውቀት ይዘህለት መጥተህ አልበቃም አልከው። አሁን «ታዲያ ምኑ ነው?» እያለ ይቆያል። ብዙ ሰው ድምፅ አጥፍቶ ስለሚያይ ያንኑ አረፍተ ነገር በጽሑፍ አስቀምጥ፤ ከታችና ከቀኝ ጠርዝ ግን አርቀው፣ እዚያ የመተግበሪያው ቁልፎች ይሸፍኑታል።

ሌሎችም መክፈቻዎች አሉ። የተጠናቀቀውን ሥራ አስቀድሞ ማሳየት ለቀለም ቅብ ግሩም ነው፤ የደረቀ ቧንቧ ግን ምንም አይናገርም። ጥያቄ ከመረጥክ «ቧንቧችሁ ያንጠባጥባል?» ከሚለው ተጠንቀቅ፤ «አይ» ያለ ሁሉ በገዛ ፈቃድህ ተሰናበተ። «ይህን ስህተት አትሥሩ» የሚለው ይይዛል፣ በየቪዲዮው ስትደጋግመው ግን ይሰለቻል።

አንድ ነገር አጥብቄ አስጠነቅቅሃለሁ፦ የማትዘጋውን ክፍተት አትክፈት። ጎማው ካልሆነ ምን እንደሆነ ማሳየት አለብህ። ጎማው የሚያርፍበት ብረት ተበልቶ ከሆነ ፈተህ፣ መብራት አብርተህ፣ ጭረቱን አሳይ። መልሱን 35ኛው ሰከንድ አካባቢ ብታደርገው ይበቃል፤ በመሃል ግን ፍንጭ ስጥ፣ ለምሳሌ የወጣው ጎማ ላይ የቀረውን ያልተስተካከለ ምልክት። አንድ ቪዲዮ አስተካክል ተብዬ ተሰጥቶኝ፣ መክፈቻው የጠየቀው ነገር እስከ መጨረሻው ሳይመለስ አግኝቼዋለሁ። በየሰከንዱ ስንት ተመልካች እንደቀረ የሚያሳየው መስመር መጀመሪያ ላይ ቀጥ ብሎ ቆይቶ መሃል ላይ ገደል ገብቷል። እንዲህ ያለው ቪዲዮ መክፈቻውን በማሳመር አይድንም። ደግሜ እልሃለሁ፣ መልሱ እጅህ ላይ ከሌለ አትክፈተው።

ሰላምታህን መጣል ካልሆነልህ መልሱን ከሰጠህ በኋላ አድርገው፤ ያን ጊዜ የሚሰማህ ሰው አለ። ቻናልህን ፈልገው ለሚመጡ ነባር ተከታታዮች በረጅም ቪዲዮ ላይ ሰላምታ ያን ያህል አይጎዳም፤ ባጋጣሚ እየጠረገ ለሚያልፍ እንግዳ ግን ያስከፍላል።

ስትሞክር መክፈቻውን ብቻ ቀይር፣ የቀረው እንዳለ ይሁን። ከዚያ የሁለቱን ቪዲዮ መስመር እዚያው ሦስተኛው ሰከንድ ላይ አስተያይ። መውረዱ ሙሉ በሙሉ አይቀርም፤ ቧንቧ የማይመለከተው ሰው ይሄዳል፣ ይሂድ። ገና መጀመሪያዋ ሰከንድ ላይ ከወደቀ ፍሬሙን ቀይር። ሦስተኛው ላይ ከሆነ አረፍተ ነገሩን አሳጥር። አሥረኛው ላይ ከሆነ ፍንጩ ዘግይቷል፣ ቀደም አድርገው።