«ምን ነበር?» ሰላምታ ነው እንዴ? የጅማው አስተናጋጅ ይጠየቃል

ጅማ ላይ 18 ዓመት አስተናግጃለሁ። አሁን እዚያው ጅማ፣ መርካቶ አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። በሉ ጠይቁ።

ልብስ ሱቅ ነው የምሠራው። ሰው ሲገባ «ምን ነበር?» እላለሁ። ብዙዎቹ «ዝም ብዬ ነው» ብለው ይወጣሉ። ምን አጠፋሁ?

«ምን ነበር?» ለእኛ ሰላምታ ይመስለናል። ለገባው ሰው ግን «ጉዳይህን ተናገር» ነው። ገና ዕቃውን ሳያይ ስትጠይቂው «ዝም ብዬ ነው» ይልሻል። አንዴ ካለ ደግሞ መቆየት ያፍራል።

ነገ እንዲህ ሞክሪ። ስልክሽን አስቀምጪ፣ ከበርጩማሽ ተነሺ፣ «እንደምን አደሩ፣ ይግቡ» በይ። መልሱን ስሚ። ከዚያ ወደ ልብስ ማጠፍሽ ተመለሺ፤ ፊትሽ ግን ወደ እሱ ይሁን። እጁ አንድ ሸሚዝ ላይ ከቆየ፣ ወይ ዋጋ ፍለጋ ካገላበጠው፣ ያኔ «ቁጥር ላውጣልዎት?» በይ። እየተከተልሽ አትዙሪ። በሌብነት የጠረጠርሽው ይመስለዋል።

ምሳ ሰዓት ሁለት እጄ ትሪ ይዞ ሰው ይገባል። እንዴት ሰላም ልበል?

በዓይንህ። አይተኸው ጎንበስ በልና «ይቀመጡ፣ መጣሁ» በል። ሁለት ሰከንድ ነው። ሰላም ያላልከው ሰው ያስታውቃል፤ አንገቱን ወደ ጓዳ ያሰግጋል፣ ቀጥሎ ያጨበጭባል። ጭብጨባ ከሰማህ ዘግይተሃል። «መጣሁ» ብለህ ሌላ ጠረጴዛ ከታዘዝክማ ዝም ብትል ይሻልህ ነበር።

ደንበኛህ እጁን ከዘረጋልህና የአንተ እጅ እርጥብ ከሆነ፣ አንጓህን ስጠው። ማንም አይቀየምም።

ጅማ ስለሆነ ሁሉንም «አካም ቡልተኒ» ብሎ መቀበል ነው። በቃ፣ አለቀ።

ግማሹ ልክ ነው። ከገጠር ለገበያ የመጡ አባት በኦሮምኛ ሲቀበሏቸው ፊታቸው ሲፈታ ስንቴ አይቻለሁ። ግን በአማርኛ ከመለሱልህ ወደ አማርኛ ዙር። ቋንቋውን እንግዳው ይምረጥ። በኮፍያ ገምቶ «አሰላሙ አለይኩም» ማለቱ ይሻል እንደሆነ ግን እስካሁን አልወሰንኩም። አንዳንዱን ደስ ይለዋል፣ አንዱ ደግሞ «በምን አወቅህ?» ብሎኛል።

እኔ እኮ አንድ ቤት ብቻዬን ገብቼ፣ ከኋላዬ የገቡት ወንዶች ቀድመውኝ ተስተናገዱ! ይሄስ ምን ይባላል?

እህቴ፣ ይሄ ጥያቄ ሳይሆን ክስ ነው። ግን እውነትሽን ነው። እኔ ቤት ብቻውን የገባ ሰው አይዘገይበትም። አራት ሆነው የመጡት ወሬ አላቸው፤ ብቻዋን ያለችው ግን በሩን ነው የምታየው። ልጆቹን ደግሞ «ሰው ይጠብቃሉ?» እንዳይሏት ከልክያለሁ።

ለወጣት ደንበኛ «አንተ» ነው «እርስዎ»?

በ«እርስዎ» ጀምር። «አንተ በለኝ» ካለህ ትቀይራለህ። መጠሪያው ላይ ነው ጣጣው። በጀማሪነቴ አንዷን «እማማ፣ ምን ልታዘዝ?» አልኳት። ቢበዛ 40 ቢሆናት ነው። ሒሳቧን ከፍላ ሄደች። ቡናዋ እንደተቀዳ ነበር።