በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሚዜ ንግግር በአማርኛ እንዲያስቅ

ጥያቄ፦ «የቅርብ ጓደኛዬ በሚመጣው ወር ሜሪላንድ ውስጥ ያገባል፤ አንደኛ ሚዜው እኔ ነኝ። ንግግሬን በእንግሊዝኛ ጽፌ ለጓደኞቻችን ሳነብላቸው በጣም ሳቁ። ወደ አማርኛ ስመልሰው ግን እንደ ዜና ደረቀብኝ። የሁለቱም ወላጆች የሚሰሙት በአማርኛ ነው። ሳቁም ፍቅሩም እንዳይጠፋ ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ሚዜዎች የሚጽፏቸውን እንዲህ ያሉ ንግግሮች ወደ አማርኛ ስመልስ ብዙ ጊዜ ያየሁት፣ ቀልዱን የሚገድለው የቃላት ምርጫ ሳይሆን የሚያስቀው ነገር በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚውልበት ቦታ መሆኑን ነው። እንግሊዝኛው ሰውየውን አስቀድሞ ይጠራና የሚያስቀውን ነገር ከኋላ ያስከትላል፤ አማርኛ ደግሞ ገላጩን ከፊት አስቀድሞ የሚገለጸውን ስምና ማሰሪያ አንቀጹን ወደ መጨረሻ ይወስዳል። ስለዚህ ቀልዱ አድማጩ ስለ ማን እንደሚወራ ሳያውቅ ቀድሞ ይፈነዳል፤ ሳቅ ሊመጣ ሲል ደግሞ የዐረፍተ ነገሩ ጭራ ገና ስላላለቀ ሰው ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ከዚህ በፊት ከመለስኩት የሌላ ሚዜ ንግግር አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ሙሽራው ምግብ ማብሰል አይችልም ለማለት የተጻፈ የእንግሊዝኛ ቀልድ በቀጥታ ሲመለስ «ሙሽሪት ያገባችው በሜሪላንድ ውስጥ ውሃ እንኳ የሚያሳርረውን ብቸኛውን ወንድ ነው» የሚል ሆነ። የሚያስቀው ማሳረሩ ነው፤ ከማሳረሩ በኋላ ግን «ብቸኛውን ወንድ ነው» የሚል ጭራ ተከትሎ ሳቁን ያፍነዋል። ይህንኑ ለሁለት ከፍላችሁ «ሙሽራችን የማይችለው ሥራ የለም። ወጥ ቤት ሲገባ ግን ውሃ ያሳርራል» ብትሉት ያው ማሰሪያ አንቀጽ ራሱ ቀልዱ ስለሚሆን፣ አፋችሁን በዘጋችሁበት ቅጽበት አዳራሹ ይስቃል። እንግዲህ እያንዳንዱን ቀልድ ስትመልስ የሚያስቀው ነገር ወይ ማሰሪያ አንቀጹ ላይ እንዲያርፍ፣ ወይም የሰው ንግግር ሆኖ ከኋላው «አለችኝ» የምትል አጭር ቃል ብቻ እንድትከተለው አድርገው። የእኛ ሰው ጨዋታ ሲያወራ «አለኝ»፣ «አልኩት» እያለ መሆኑን አትርሳ፤ ተረኩ በሰዎች አንደበት ሲሄድ ጆሮ ይለምደዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቀልዱ የሚያርፍበት ሰው ነው። ከላይ የጠቀስኩት ንግግር ቀጥሎ የሚያወራው፣ ሙሽራው ለሙሽሪት ለመጀመሪያ ጊዜ ራት ሊሠራ ሲል የጢስ አላርሙ ጮኾ ጎረቤቱ ሁሉ በሌሊት ልብሱ ወደ መኪና ማቆሚያው መውጣቱን ነበር። የእንግሊዝኛው መደምደሚያ «ይህን አይታ እሺ ያለችው ወይ ስለምትወደው ነው፣ ወይ አፍንጫዋ ስለማይሠራ ነው» ይላል። በእንግሊዝኛ ሲሰማ የዋህ ቀልድ ነው፤ በአማርኛ ግን የሙሽሪት እናት ፊት ለፊት ተቀምጠው ልጃቸው አፍንጫዋ አይሠራም ሲባል ቢሰሙ ፈገግታቸው እንደሚቀዘቅዝ አልተጠራጠርንም። ጸሐፊው ፈቅዶ እንዲህ አድርገን ጻፍነው፦

«አንድ ቀን ጋሽ ሙሽራው ሙሽሪትን ራት ሊጋብዙ ተነሡ። ሽንኩርት ከተፉ። ድስት ጣዱ። ከዚያ ስልካቸውን ከፈቱ። ትንሽ ቆይቶ አላርሙ ጮኸ፤ ጎረቤቱ ሁሉ በሌሊት ልብሱ ውጭ ወጣ፤ እሷም አብራ ወጣች። በማግስቱ ‹ራቱ እንዴት ነበር?› ብላት ‹ጨው ብቻ ነው ያነሰው› አለችኝ። ይህችን መልስ ስሰማ፣ ይህች ልጅ ጓደኛዬን እንደምትችለው ገባኝ።»

እዚህ ላይ የመጨረሻዋን ቃል ለሙሽሪት መስጠታችን ትልቁ ለውጥ ነው፤ የሚሳቅባት መሆኗ ቀርቶ የምታስቅ ሆነች፣ በዕለቱም መጀመሪያ የሳቀው የሙሽሪት ወገን ነበር። ሌላው፣ እንግሊዝኛው ያልነበረውን አንድ ነገር ከአማርኛ ወስደናል፤ እኩያህን ጓደኛ «ጋሽ» ብሎ በአንቱታ መጥራት በራሱ ያስቃል። ሆኖም ይህን በጥንቃቄ መጠቀም ይገባል። በዚያው አንቀጽ ውስጥ የሙሽራውን አባት ከጠቀስክ «ከተፉ»፣ «ጣዱ» የሚለው ለማን እንደሆነ ይምታታና አዛውንቱ ምግብ ያሳረሩ ይመስላል። ደግሞም ከቀልድ ወደ ቁም ነገር ስትሻገር አንቱታውን ትተህ «ጓደኛዬ» ወደሚለው ተመለስ፤ አድማጩ ቀልዱ ማለቁን የሚያውቀው በዚያ ነው።

የማይመለሱ ቀልዶችም አሉ። የድሮ የሴት ጓደኛ፣ የስካር ሌሊት፣ «ነፃነቱን ተሰናበተ» የሚሉት ዓይነት በእንግሊዝኛ የተለመዱ ናቸው፤ ካህን ወይም ሽማግሌ በተቀመጠበት አዳራሽ ግን የትኛውም የአማርኛ ችሎታ አያድናቸውም። እነዚህን ለሚዜዎች ራት አቆያቸው። በመጠኑ ደፈር ያለው ቀልድ ደግሞ ቤተ ዘመድ ብቻ በሚሰበሰብበትና ሰው ዘና በሚልበት የመልስ ዕለት ይሻለዋል።

አጀማመሩን በአጭሩ ልናገር። እንግሊዝኛው «የማታውቁኝ ካላችሁ» ብሎ ወደ ጨዋታ ይገባል። በእኛ አዳራሽ ግን ማይክ ስትይዝ አዛውንቶቹ መጀመሪያ የሚጠያየቁት «የማን ልጅ ነው?» ብለው ነውና፣ ወላጆችንና እንግዶችን በአክብሮት ከጠራህ በኋላ የማን ልጅ እንደሆንክና ሙሽራውን ከየት እንደምታውቀው ተናገር። ይህ እስኪነገራቸው ድረስ ቀልድህን በሙሉ ልብ አያዳምጡህም።

ፍቅሩን በተመለከተ፣ «እወድሃለሁ ወንድሜ» የሚለው የእንግሊዝኛ መዝጊያ በአማርኛ በማይክ ሲነገር ሰውን ያሳፍራል እንጂ አይነካም፤ ቢያንስ የወላጆቻችን ትውልድ ጆሮ ይህን አልለመደም። ሙቀቱ የሚመጣው በምስክርነት ነው። ከላይ ያነሣሁት ሚዜ በረቂቁ ላይ «ሁልጊዜ ከጎኔ ነህ» ብሎ ነበር፤ ምን እንዳደረገለት ስጠይቀው፣ እናቱ ታምመው ወደ አዲስ አበባ በሄደ ጊዜ ሙሽራው የቤት ኪራዩን ከፍሎ ስለ ነገሩ አንድም ቀን እንዳላነሣበት ነገረኝ። ያንን ብቻ፣ ያለ ምንም ማሞገሻ ቃል፣ በሁለት ዐረፍተ ነገር አስገባነው። የሙሽራው እናት ይህን ከዚያ ቀን በፊት አልሰሙም ነበር።

መዝጊያው ላይ ብርጭቆ ማንሣት የምትፈልግ ከሆነ አንሣ፤ የማይጠጣ እንግዳ በውሃም በለስላሳም ያነሣል። ነገር ግን ምርቃቱን አንተ አትውሰድ። «ውለዱ፣ ክበዱ» ማለት የአዛውንት ድርሻ ነው፤ ወጣት ሲለው ሰው «አሜን» ለማለት ያመነታል። «መልካሙን ሁሉ ያድርግላችሁ» ብለህ ቀድመህ ያስታወቅሃቸውን አንድ ትልቅ ሰው ጋብዝ፤ እሳቸው ሲመርቁ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «አሜን» ሲል፣ እንግሊዝኛው ብርጭቆ በማጋጨት የሚፈልገውን ያንኑ ታገኛለህ።

አማርኛ የማያውቁ እንግዶች ካሉ አንድ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ፣ አንድ በእንግሊዝኛ እያልክ አትሂድ፤ ግማሹ አዳራሽ ሲስቅ ግማሹ ይጠብቃል፣ ተራው ሲደርስም የመጀመሪያው ሳቅ አልቋል። እያንዳንዱን ታሪክ ሙሉውን በአማርኛ ተናገርና የእንግሊዝኛውን ረቂቅህን አትመህ በየጠረጴዛው አስቀምጥላቸው፤ እንደ አፍንጫው ያለ ቀልድ ካለበት ከዚያም ላይ ቢሆን አውጣው፣ ወላጆቹ ባያነቡት እንኳ የአክስት ልጆች ጮክ ብለው ይተረጉሙላቸዋል።