«እነዚህን እንዴት መረጥሽ?»

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን አንድ የኦዲት ቢሮ ውስጥ በልምምድ ላይ ነኝ። የአንድ ማኅበር ክፍያዎችን በናሙና መርምሬ 24ቱንም ቲክ አድርጌ አስረከብኩ። ሱፐርቫይዘሬ ግን «እነዚህን እንዴት መረጥሽ? ምናቸውን አየሽ?» ብሎ መለሰልኝ። ሥራውን በደንብ ሠርቻለሁ፤ ምን ልጨምርበት?

መልስ፦ እህቴ፣ በዓለም አቀፉ የኦዲት ስታንዳርድ 230 መለኪያው ይህ ነው፦ ሥራው ላይ ያልነበረ ልምድ ያለው ኦዲተር ወረቀትሽን አንብቦ ምን እንደሠራሽ፣ ምን እንዳገኘሽና ምን ላይ እንደደረስሽ መረዳት አለበት። አጠገቡ ቆመሽ በቃል የምታስረጂው ብቻውን አይበቃም።

ከምርጫው ጀምሪ። የዓመቱ የክፍያ ማዘዣዎች ከ0001 እስከ 0480 ናቸው እንበል። መጀመሪያ የዝርዝሩ ድምር ከጄኔራል ሌጀሩ ጋር መግጠሙን ጻፊ፤ ከዝርዝሩ የቀረ ማዘዣ ለናሙና የመመረጥ ዕድል የለውምና። ከዚያ 480 ለ24 ሲካፈል 20 ነው። ከ1 እስከ 20 ካሉት ቁጥሮች በዕጣ 7 ከወጣ፣ 0007፣ 0027፣ 0047 እያልሽ እስከ 0467 ትሄጃለሽ። ይህን ያነበበ ሰው አንቺን ሳይጠይቅ እነዚያኑ 24 ማዘዣዎች ከፋይሉ ያወጣል።

ቲኩንም ለይው። «ሀ» መጠኑ ከሻጩ ደረሰኝ ጋር ገጥሟል፣ «ለ» ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል፣ «ሐ» የሚፈቅደው ኃላፊ ፈርሟል። በብርዱ እጅ ሲደነዝዝ ሁሉንም በአንድ ቲክ መጨረስ ያምራል፤ ግን አንድ ፊደል አንድ ሥራ ብቻ ይያዝ።

ጥቅሙ ችግር ሲገኝ ይታያል። በማዘዣ 0347 ደረሰኙ 48 ኩንታል ፉርሽካ በ1,800 ብር፣ በድምሩ 86,400 ብር ይላል እንበል፤ ሞዴል 19 ግን 46 ኩንታል ነው። እዚህ «ለ» አይገባም። የ3,600 ብር ልዩነት ብለሽ ጻፊ፤ ማንን እንደጠየቅሽና ምን እንደመለሰም አስፍሪ። መጋዘን ኃላፊው «ሁለቱ በማግሥቱ ገብተዋል» ካለ የማግሥቱን ሞዴል 19 አይተሽ ቁጥሩን መዝግቢ። ከሌለ ልዩነቱ ስህተት ሆኖ ይቀመጣል። «ትንሽ ናት» ብለሽ አትለፊው፤ 3,600 ብሩ የተገኘው ከ24ቱ ብቻ ነው፣ ያልታዩት 456 ገና አሉ። ሲኒየርሽ ለእነሱ ግምት እንዲያወጣ የናሙናውን ጠቅላላ ብርም ከሥር አስቀምጪ።

እኔ ጀማሪ ሳለሁ አንድ ማዘዣ ከፋይል ሳጣ ዝም ብዬ ቀጣዩን ቁጥር ተካሁበት። ገምጋሚው ቁጥሮቹን በ20 በ20 ሲቆጥር አንዱ ተዛንፎ አገኘውና ሥራውን ከጅምሩ አስደገመኝ። ማዘዣው በአግባቡ የተሰረዘ ከሆነ፣ ያንን ጽፈሽ ሌላ መተካት ትችያለሽ። ሰነዱ ከጠፋና በሌላ መንገድም ማረጋገጥ ካልተቻለ ግን ራሱ ግኝት ነው፤ በቁጥሩ ይመዝገብ።

የተመለሰልሽን ወረቀት ቀድደሽ አዲስ አትጻፊ። የጎደለውን እዚያው ጨምሪና የጨመርሽበትን ቀን ጽፈሽ ፈርሚበት።