ቦቱ «አልችልም» ሲል ደንበኛ እንዳይሄድ

«ደሴ ላይ ላለ የአውቶቡስ ትኬት ቢሮ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚመልስ የቴሌግራም ቦት ሠርቻለሁ። ሌላ ነገር ሲጠየቅ ወይ ይዘባርቃል ወይ ‹አልችልም› ብሎ ይዘጋል። ለቦቱ የምሰጠውን መመሪያ እንዴት ልጻፈው?»

የተከለከለውን አትዘርዝር፤ አያልቅም። የሚሠራውን ወስን፦ መነሻ ሰዓት፣ ዋጋ፣ ወንበር መያዝ፣ ትኬት መሰረዝ። ከዚህ ለወጣ ጥያቄ አጭር እምቢታ፣ ከዚያም ለጥያቄው የሚቀርብ አንድ አማራጭ ይስጥ።

ፈተናው ድንበር ላይ ያለው ጥያቄ ነው። «ነገ የወልድያ መንገድ ክፍት ነው?» ቦቱ የመንገድ መረጃ የለውም፤ ጠያቂው ግን ተጓዥ ነው። ከዘጋበት ሌላ ቢሮ ይሄዳል። ከገመተለት ደግሞ መንገድ ላይ ሊያድር ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

```
ስለ መንገድ ሁኔታ ከተጠየቅህ አትገምት። ለምሳሌ ስለ ወልድያ ከሆነ እንዲህ በል፦
«ይቅርታ፣ የመንገዱን ሁኔታ አላውቅም፤ ቢሮውን
ይጠይቁ። የነገን የወልድያ መነሻ ሰዓት ልንገርዎ?»
```

«ይቅርታ» አንዴ ይበቃል። የማይሠራውን እንዳይጠቁምም ጻፍበት፤ የኔው ቦት አንዴ «ሆቴል ልያዝልዎ?» ብሎ ጉድ አድርጎኛል።

ስትሞክረው ከርዕሱ የወጡ የሚመስሉ የትኬት ጥያቄዎችንም ጠይቀው። «ልጄን ጭኔ ላይ ብይዘው ይከፈላል?» ይህ የዋጋ ጥያቄ ነው። እምቢ ካለ መመሪያህን ከልክ በላይ አጥብቀኸዋል፤ ዋጋ የሚለውን መስመር በምሳሌ አስፋው።