የአማርኛ ጽሑፍ በቶክን ሲቆጠር ለምን ይበዛል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (አዲስ አበባ ያለ ፕሮግራመር)፦ GPTን በመሰለ የቋንቋ ሞዴል ለሱቅ ደንበኞች መልስ የሚሰጥ ትንሽ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ያው መልእክት በአማርኛ ሲላክ ከእንግሊዝኛው ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። በፊደል ብዛት ግን አማርኛው ያንሳል። ታዲያ የሚቆጠርብኝ ምንድን ነው?

መልስ፦ ፊደሉ ማነሱ እውነት ነው። ነገር ግን የሚቆጠረው ፊደል አይደለም፣ ቃልም አይደለም። ሞዴሉ ጽሑፍን የሚቀበለው ቆራርጦ ነው። ቶክን የሚባለው አንዱ ቁራጭ ነው፤ ቆራጩ ፕሮግራም ደግሞ ቶክናይዘር ይባላል። የቁራጮቹ ዝርዝር ሞዴሉ ከመሠልጠኑ በፊት ተዘጋጅቶ ያልቃል። እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር አለው፤ ሞዴሉ የሚያየውም ያንን ቁጥር ብቻ ነው።

አንድ ቃል ወስደን እንየው።

```python
a = "አልነገርኳቸውም"
b = "I did not tell them"
print(len(a), len(a.encode("utf-8")))  # 9 27
print(len(b), len(b.encode("utf-8")))  # 19 19
```

አማርኛው 9 ፊደል ነው፣ እንግሊዝኛው ክፍት ቦታውን ጨምሮ 19። ወደ ባይት ሲቀየሩ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በዩቲኤፍ-8 የላቲን ፊደል 1 ባይት ይወስዳል፣ የግዕዝ ፊደል 3። ስለዚህ የእኛው 27 ሆነ፣ የእነሱ እዚያው 19 ቀረ።

ይህ ግን መነሻው ብቻ ነው። 3 ለ1 ብቻ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ይህን ያህል ባልጎዳ። ትልቁ ነገር የሚመጣው ቀጥሎ ነው። እንግሊዝኛው 5 ቶክን ይሆናል፤ እያንዳንዱ ቃል ከፊቱ ካለው ክፍት ቦታ ጋር በዝርዝሩ ውስጥ የራሱ ቁጥር አለው። የአማርኛው ብዛት ግን ዝርዝሩ ስለ እኛ ምን ያህል ያውቃል በሚለው ይወሰናል። ምንም የማያውቅ ከሆነ 27 ባይቱ 27 ቶክን ይሆናል። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ካወቀ 9 ይሆናል። «ቸው»ን ወይም «ነገር»ን የመሰለ ቁራጭ ካወቀ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አንዱ ቃል እንደ ቶክናይዘሩ ከጥቂት እስከ 27 ሊደርስ ይችላል ማለት ነው።

ጥያቄ (የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ)፦ ዝርዝሩን ማን ነው የሚያወጣው? የቋንቋ ባለሙያ ተቀምጦ ይመርጣል?

መልስ፦ ማንም አይመርጥም። የሚሠራው ቆጠራ ነው። ዘዴው በ1994 ፊሊፕ ጌጅ ፋይል ለማሳነስ ያቀረበው ነው። በ2016 እነ ሪኮ ሴንሪች ለማሽን ትርጉም አዋሉት። በ2019 የወጣው GPT-2 ደግሞ ከፊደል ሳይሆን ከባይት እንዲጀምር አደረገው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ብዙ ጽሑፍ ይሰበሰባል፣ ሁሉም ወደ ባይት ይዘረዘራል። ከዚያ ፕሮግራሙ «አጠገብ ለአጠገብ ከሚቆሙት ጥንዶች በብዛት የሚገኘው የትኛው ነው?» ብሎ ይቆጥራል። ያንን ጥንድ አጣብቆ እንደ አንድ ቁራጭ ይመዘግበዋል። እንደገና ይቆጥራል፣ እንደገና ያጣብቃል። GPT-2 ላይ ይህ 50,000 ጊዜ ተደገመ። በ256ቱ ባይቶችና በአንድ የማብቂያ ምልክት ላይ ሲደመር ዝርዝሩ 50,257 ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብለሽ አስቢው። ማጣበቂያው ቦታ የተወሰነ ነው፣ ቦታውን የሚያገኘውም በብዛት የታየው ነው። የተሰበሰበው ጽሑፍ አብዛኛው እንግሊዝኛ ከሆነ ቦታው በእንግሊዝኛ ቃላትና ስሞች ይሞላል። አማርኛ በጣም ጥቂት ስለሆነ ተራ ሳይደርሰው ዝርዝሩ ይዘጋል።

በዚህ መሃል አንድ የሚገርም ነገር አለ። «ሰላም» በባይት ሲጻፍ እንዲህ ነው፦

```
ሰ = E1 88 B0
ላ = E1 88 8B
ም = E1 88 9D
```

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች አንድ ናቸው። ዋናው የዩኒኮድ የግዕዝ ክልል 384 ቦታ አለው፤ በ64፣ በ64 ሲከፈል 6 ምድብ ይወጣዋል። በአንድ ምድብ ያሉት ሁሉ አጀማመራቸው ያው ነው፣ ከE1 88 እስከ E1 8D። ስለዚህ ቆጠራው መጀመሪያ የሚያጣብቀው ፊደል ሳይሆን ይህንን መነሻ ነው። ቶክናይዘሩ እዚያ ላይ ካቆመ እያንዳንዱ ፊደል 2 ቶክን ይሆናል፣ አንዱ ምድቡን፣ ሌላው ከምድቡ የትኛው እንደሆነ የሚናገር። ያኔ «አልነገርኳቸውም» 18 ይሆናል። ለሞዴሉም የመጀመሪያው ቶክን ስለ ድምፁ የሚነግረው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ጥያቄ (የቋንቋ መምህር)፦ እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ የፊደላችን ብዛት ነው። የእነሱ 26፣ የእኛ ከ200 በላይ። ማሽን በዛበት።

መልስ፦ ብዛቱ አንድ ነገር ላይ ይነካል፤ ሁሉንም ፊደል ለማስገባት ከ26 የበለጠ ቦታ ያስፈልጋል። ግን ጋሼ፣ ዋናው ምክንያት እሱ ቢሆን ኖሮ ቻይንኛ ከእኛ የባሰ ነበር። የእነሱ ምልክት በሺዎች ይቆጠራል። 100,000 ወይም 200,000 ቦታ ባለው ዝርዝር ውስጥ የእኛ ጥቂት መቶ ፊደል ኢምንት ነው።

ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን ጉጃራቲ ነው። የሕንድ ቋንቋ ነው፣ ፊደሉ እንደ እኛው 3 ባይት ይወስዳል። በግንቦት 2024 GPT-4o ሲወጣ ሠሪው ድርጅት OpenAI ቶክናይዘሩን ቀየረና ማወዳደሪያ አወጣ። አንድ የጉጃራቲ ናሙና ከ145 ቶክን ወደ 33 ወረደ። ፊደሉ አልተቀየረም፣ ባይቱም አልተቀየረም። የተቀየረው ዝርዝሩ ነው። በዚያ ማወዳደሪያ ላይ 20 ቋንቋዎች ነበሩ። አማርኛ አልነበረበትም።

ጥያቄ (ሪያድ የምትኖር)፦ ለእናቴ በአማርኛ ቴክስት ስልክላት ቶሎ ይቆረጥና ሁለት መልእክት ይሆንብኛል። ይህ ነው ቶክን የምትሉት?

መልስ፦ እህቴ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። አንድ ኤስኤምኤስ 140 ባይት ይይዛል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ እያንዳንዱ 7 ቢት ስለሚወስድ 160 ይገባበታል። አንድ የአማርኛ ፊደል እንኳ ከገባበት ግን መልእክቱ በሙሉ ወደ 16 ቢት ይቀየራልና 70 ብቻ ይገባል። ያ ሕግ ቋሚ ነው፣ ስልክ ብትቀይሪም ያው። ቶክን ግን በየሞዴሉ ይለያያል። የሚያመሳስላቸው ሁለቱም ስሌት ሲነደፍ ላቲን መነሻ መሆኑ ነው።

ጥያቄ (ዋሽንግተን ዲሲ ያለ ፕሮግራመር)፦ መልሱ ቃል በቃል እየወጣ ሲታይ በአማርኛው መሃል � የሚል ምልክት ብቅ ይላል። አንዳንዴ መጨረሻው ላይ ይቀራል። ፎንት ነው ብዬ ነበር።

መልስ፦ ፎንት አይደለም። ፎንት ቢሆን ባዶ ሣጥን ነበር የምታየው። � ማለት የባይቱ ቅደም ተከተል ያልተሟላ ነው ማለት ነው። አንድ ፊደል ሁለት ወይም ሦስት ቶክን ላይ ከተከፈለ፣ የመጀመሪያው ቶክን ብቻውን ሲደርስህ ፊደል አይሆንም። ፕሮግራምህ ቀሪውን ሳይጠብቅ ወደ ጽሑፍ ስለቀየረው ነው የተበላሸው። ቶክኖቹን በባይት አጠራቅም፣ ፊደል ሲሞላ ብቻ አሳይ። ፓይተን ላይ ይህ ያደርግልሃል፦

```python
import codecs
d = codecs.getincrementaldecoder("utf-8")()
d.decode(b"\xe1\x88")   # ''
d.decode(b"\xb0")       # 'ሰ'
```

መጨረሻው ላይ የሚቀረው ግን ሌላ ምክንያት አለው። `max_tokens` ላይ የሰጠኸው ገደብ ፊደሉ መሃል ላይ ደርሶ ቆርጦታል። ለእንግሊዝኛ የበቃው 200 ለአማርኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ላይሞላ ይችላል። ሞዴሉ ቶክን የሚያወጣው አንድ በአንድ ስለሆነ መልሱ የሚዘገየውም በዚያው ልክ ነው።

ጥያቄ (ስሙን ያልገለጸ)፦ መፍትሔው ቀላል አይደለም እንዴ? በላቲን ጻፉትና ይርከስ። selam ብሎ መጻፍ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ቶክኑ ሊቀንስ ይችላል፣ በዚያ እስማማለሁ። ግን «ጠ»ን እና «ተ»ን ሁለቱንም t ብለህ ከጻፍክ ልዩነቱ ጠፋ። ሰውም በአንድ መንገድ አይጽፍም፤ አንዱ salam፣ ሌላው selam ይላል። ሞዴሉ በሥልጠና ጊዜ ያየው የረባ አማርኛ ደግሞ በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ነው። ገንዘብ አድነህ መልሱ ቢበላሽ ምን አተረፍክ?

ጣልቃ የገባ (የትግርኛ ተናጋሪ)፦ እኔ የምቃወመው ሌላም አለ። አንዳንዶች ቶክን ለመቆጠብ ብለው ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ዐን ወደ አ ይቀይራሉ። ለአማርኛ ድምፁ ያው ይሆናል። ለትግርኛ ግን ሐ እና ዐ የራሳቸው ድምፅ አላቸው። አንድ ቶክናይዘር ለሁለቱም ከተሠራ ቋንቋችንን ነው የሚያጠፋው።

መልስ፦ ትክክል ነው። ለአማርኛ ብቻ ከሆነ «ዓለም» እና «አለም» አንድ ቢሆኑ ቆጠራው አይበታተንም፣ ያ እውነተኛ ጥቅም ነው። ለጋራ መሣሪያ ግን እኔም አላደርገውም። በዚህ ላይ ቶክናይዘር የሚሠሩት ራሳቸው አልተስማሙም።

ጥያቄ (የመጀመሪያው ፕሮግራመር)፦ እሺ፣ እኔ ነገ ጠዋት ምን ላድርግ? ቶክናይዘሩን ብቻ በአማርኛ አሠልጥኜ ብቀይረውስ?

መልስ፦ መቀየሩ ብቻውን አይሠራም። ሞዴሉ ቁጥር 5,000 ምን እንደሆነ የተማረው በድሮው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን ብትለውጥ ቁጥሮቹ ትርጉም ያጣሉ። አዲስ የአማርኛ ቁራጮችን ከነባሩ በታች መጨመር ይቻላል፤ ነገር ግን ሞዴሉ ስለ እነሱ እንዲያውቅ በብዙ የአማርኛ ጽሑፍ ሥልጠናውን መቀጠል አለበት። ያንን ማድረግ የምትችለውም ሞዴሉ በእጅህ ሲሆን ነው፤ በኪራይ በምትጠቀመው ላይ አይሆንም።

ነገ ጠዋት ግን የራስህን የደንበኛ መልእክቶች ይዘህ ቁጠር። ለምሳሌ በOpenAI tiktoken ላይብረሪ የሁለት ትውልድ ቶክናይዘሮችን፣ የGPT-4ንና የGPT-4oን፣ ማወዳደር ትችላለህ፦

```python
import tiktoken
t = "አልነገርኳቸውም"
for n in ["cl100k_base", "o200k_base"]:
    print(n, len(tiktoken.get_encoding(n).encode(t)))
```

የሌላ ድርጅት ሞዴል ከሆነ በእሱው ቶክናይዘር ቁጠር፣ የአንዱ ቁጥር ለሌላው አይሆንም። የአንድ ቶክን ዋጋ ርካሽ ስለሆነ ብቻም አትምረጥ። ዋጋውን በቶክኑ ብዛት አባዝተህ ለአንድ መልእክት ስንት እንደሚመጣ እይ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ መመሪያው ነው፤ «እንዲህ ብለህ መልስ» እያልክ በየጥሪው የምትልከው ጽሑፍ። እሱን በእንግሊዝኛ አድርገው፤ ደንበኛው አያየውምና። የደንበኛውን ጥያቄና የሚሰጠውን መልስ ግን በአማርኛ ተወው። ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ መመለስ ሁለት ጊዜ ያስከፍልሃል፣ «አንቺ» ያልከውንም «እርስዎ» አድርጎ ሊመልስልህ ይችላል።